አባትን በቤተሰብ ፎቶ ላይ ለመጨመር፦ ለወንድምና ለእኅት የሚጻፈው የፈቃድ ደብዳቤ እንዴት ይዘጋጃል?

በድሬዳዋ ፎቶ ቤቶች ከሚታዘዙት ሥራዎች አንዱ በሕይወት የሌለን ሰው ከቤተሰቡ መካከል አቁሞ ማቀናበር ነው። አዛዧ ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ወንድሞቿ የሚመጡት ፎቶው ታጥቦ ፍሬም ከገባ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ለምስጋና፣ አንዳንዱ ለጠብ። ጠቡ ደግሞ በሥራው ጥራት ላይ አይደለም። «ማን ፈቀደልሽ? የአባታችንን መልክ ብቻሽን ነው የወረስሽው?» የሚል ነው። ስለዚህ እኔ ጋ ለዚህ ሥራ የሚመጣን ሰው ፎቶውን ከመቀበሌ በፊት የምጠይቀው «እኅት ወንድሞችሽ ያውቃሉ?» ብዬ ነው። «ድንገት ላስደስታቸው ብዬ ነው» ካለችኝ ሥራውን አልጀምርም። የሞተን አባት በድንገት ማሳየት ማስደሰት ይሁን ማስደንገጥ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

በስልክ መጠየቅ ለምን አይበቃም የሚል ይኖራል። በስልክ ለአንዱ የተባለው ለሌላው በሌላ ቃል ይባላል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም የሰማው የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ደብዳቤ ለሁሉም አንድ ነው። አባትየው የት እንደሚቆሙ፣ የትኛው ፎቶ እንደሚወሰድ፣ ፎቶው የት እንደሚሰቀል በቁርጥ ይጽፋል። «አባባን ፎቶው ውስጥ እናስገባ?» የሚል ጥያቄ ፈቃድ አያስገኝም፤ እያንዳንዱ በልቡ ሌላ ፎቶ እያየ «እሺ» ይላልና።

ከዚህ በታች አንድ ቤተሰብ ይዘን እንሄዳለን። እናት በሕይወት አለች፤ ልጆቹ አራት ናቸው። ጋሼ አዲስ አበባ፣ እትዬ ጅቡቲ፣ ማሙሽ ሐረር ይኖራሉ፤ ደብዳቤውን የምትጽፈው ሦስተኛዋ ልጅ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ከእናቷ ጋር ናት። አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሁሉም ስለሚሰባሰብ በማግስቱ የቤተሰብ ፎቶ ለመነሣት ታስቧል።

አንደኛ፦ ከደብዳቤው በፊት እናትን መጠየቅ

እናት በሕይወት ካለች ደብዳቤው ከእርሷ ቃል በኋላ ነው የሚጻፈው። የትዳር ጓደኛዋ ነውና ከማንም በፊት መስማት ያለባት እርሷ ናት። ልጆቹም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እማዬ ምን አለች?» የሚል ይሆናል። ሰው ባለበት ወይም በበዓል ግርግር አትጠየቅም። ቡና ካበቃ በኋላ፣ ብቻዋን ስትሆን ይሻላል። ጥያቄውም «ፎቶ ላይ አባባን እንጨምር?» ሳይሆን «አንቺ ተቀምጠሽ አባባ ከኋላሽ ቆመው ብታዪ ምን ይሰማሻል?» የሚል ይሁን። የምታየውን ነገር አስባ እንድትመልስ ነው። ካልፈለገች ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ደብዳቤም አይጻፍም። በልጆች ድምፅ ብልጫ እናትን ማሸነፍ አይገባም።

በእኛ ምሳሌ እናት የመለሰችው «አባታችሁ ኮቱን ለብሶ ከሆነ ይሁን፤ በታመመበት መልኩ ግን አላይም» ብላ ነው። ይህ ቃል እንዳለ ደብዳቤው ውስጥ ይገባል። ልጅቷ አሳምራ ልትጽፈው አይገባም።

ጊዜውም ይታያል። አርባው ሳይወጣ፣ ከል ሳይወልቅ እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ቢያንስ ሙት ዓመቱ ይለፍ። በወንድማማቾች መካከል የውርስ ንግግር ካለ ደግሞ እርሱ እስኪያልቅ መቆየት ነው፤ የፎቶው ጥያቄ በጎን የቤት ጥያቄ ይመስላልና።

ሁለተኛ፦ የትኛው ፎቶ?

ብዙ ቤተሰብ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በምሳሌያችን ቤት ሦስት ፎቶዎች ተገኙ። አንደኛው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ላይ የተለጠፈ ጉርድ ፎቶ ነው፤ አባት አርባ ዓመት ገደማቸው ነው፤ ትከሻቸው ላይ ማኅተም አርፎበታል። ሁለተኛው በ1996 ዓ.ም. በእትዬ ሠርግ የተነሡት ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሚዜዎቹ ጎን ቆመዋል፤ ፀጉራቸው መሸበት ጀምሯል። ሦስተኛው በመጨረሻው ዓመት በስልክ የተነሣ ነው፤ በጣም ከስተዋል።

ለፎቶ ቤት ሠራተኛ የሚመቸው የመጀመሪያው ነው። ጉርድ ፎቶ ፊትን ትልቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከአገጭ እስከ አናት በማስመሪያ ቢለካ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ማኅተሙም ቢሆን ፊት ላይ እስካላረፈ ድረስ ይጸዳል። ችግሩ ሌላ ነው። የአርባ ዓመት ሰው ከስልሳ ስድስት ዓመት ሚስቱ ኋላ ቢቆም ልጇ ይመስላል። ጋሼም ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ከአባቱ አጠገብ ሲቆም አባትየው ታናሽ ወንድሙ ሆነው ይታያሉ። ይህን ደብዳቤው ላይ ሳያስረዱ ጉርድ ፎቶውን የመረጡ ቤተሰቦች ፎቶው ሲደርሳቸው «አባባን አልመሰለም» ይላሉ። መስሏል፤ የማይመስለው ዕድሜው ነው።

ሦስተኛው ፎቶ እናት በተናገረችው ቃል ወድቋል። የቀረው የሠርጉ ነው። እርሱ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ማስመሪያ ብቻ ያስፈልጋል። ፎቶው 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአባት ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት 1.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አሥር ሰው በሁለት ረድፍ የሚታይበት 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ላይ አንድ ጭንቅላት ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የአባት ፊት የሚያድገው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በደንብ የታጠበ አሮጌ ፎቶ ሁለት እጥፍ ይችላል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ዐይኑ ይደበዝዛል፤ አራት እጥፍ ሲሆን ፊቱን አቀናባሪው በግምት መሥራት ይጀምራል። ያኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አባት ሳይሆን አባትን የሚመስል ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት ፎቶው ከ30 በ40 መብለጥ እንደሌለበት ተወሰነ። ጋሼ ለሳሎን 50 በ70 እንደሚፈልግ ቀድሞ ተናግሮ ስለነበር ምክንያቱ ደብዳቤው ላይ መጻፍ አለበት።

ኔጋቲቩ ቢገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ስሌት ባላስፈለገ፤ ኔጋቲቭ ከታጠበው ፎቶ የበለጠ ዝርዝር ይይዛል። የዚህ ቤተሰብ ኔጋቲቮች ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ከአልበሙ ጋር ሄደዋል። በዚያ ጎርፍ ፎቶዋን ያጣች ቤት እዚህ ከተማ ብዙ ናት። የሠርጉ ፎቶ የተረፈው እትዬ ወደ ጅቡቲ ይዛው ስለሄደች ነው። ውኃ ነክቶት ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ ያላችሁ ደግሞ አትላጡት፤ የፊቱ ቀለም መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ አምጡት፤ እንደዚያው ስካን ይደረጋል።

ሦስተኛ፦ የት ይቆማሉ? ብርሃኑስ?

ፎቶው ገና ካልተነሣ ዕድለኛ ናችሁ፤ ለአባት ቦታ ትቶ መነሣት ይቻላል። አሥር ሰው ተጠጋግቶ ከቆመ በኋላ አሥራ አንደኛውን በመካከል መሰንጠቅ ግን የአንዱን ትከሻ መቁረጥ ነው። ለዚህ ነው ፈቃዱ ከፎቶው ቀን በፊት የሚጠየቀው።

ከእናት ኋላ መቆም ከሁሉም ይቀላል፤ የሚታየው ከደረት በላይ ብቻ ስለሆነ እጅ፣ እግርና ወንበር መፍጠር አያስፈልግም። ከእናት ጎን ይቀመጡ ከተባለ ከአንገት በታች የሌላ ሰው አካል ይበደራል። ያም ይሠራል፤ ነገር ግን ልጆች የአባታቸውን እጅ ያውቃሉ። ፊቱን አምነው እጁ ላይ ሲደርሱ ዝም የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ።

አባት በሠርጉ ፎቶ ላይ ፊታቸውን ወደ ቀኛቸው ዘወር አድርገዋል፤ ማለትም ፎቶውን ለሚያይ ሰው ወደ ግራ ይመለከታሉ። ስለዚህ ከመካከሉ ትንሽ ወደ ፎቶው ቀኝ ቢቆሙ ቤተሰባቸውን የሚያዩ ይመስላሉ፤ በግራ ጫፍ ቢቆሙ ግን ከቤተሰቡ ፊታቸውን የመለሱ ይመስላሉ። «ገልብጠው፣ በሌላ በኩል ይዙር» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አይገለበጥም። የኮቱ ቁልፍ በሴት ልብስ አቅጣጫ ይሆናል፤ ግራ ጉንጭ ላይ ያለ ምልክት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ባለቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቀው «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል።

ብርሃን ሌላው ነገር ነው። የሠርጉ ፎቶ በአዳራሽ ውስጥ በፍላሽ የተነሣ ነው፤ ብርሃኑ ከፊት ይመጣል፣ የአፍንጫ ጥላ አይታይም። ቤተሰቡ በድሬዳዋ ቀትር ፀሐይ ላይ ቢነሣ የሁሉም ዐይን ሥር ጥላ ይወድቅበታል፤ አባት ብቻ ጥላ የለሽ ይሆናሉ። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር መነሣት ደስ ይላል፤ ነገር ግን በቅጠል መካከል የሚሾልከው ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ያንን ነጠብጣብ በአሮጌ ፊት ላይ አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሰፊ ጥላ ያለበት የግቢ ግድግዳ አጠገብ መነሣት ይሻላል። እዚያ ብርሃኑ ለሁሉም እኩልና ለስላሳ ነው፤ የአባት ፊትም ከእነርሱ ጋር ይስማማል።

በዕለቱ አንድ የአጎት ልጅ፣ በቁመት አባትን የሚያህል፣ በአባት ቦታ ይቆምና አንድ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ወጥቶ ቦታው ባዶ ሆኖ ሌላ ይነሣል። የመጀመሪያው ለአቀናባሪው የትከሻውን ከፍታና የጥላውን አወዳደቅ ያሳያል። ይህንን ለቤተሰቡ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ «የአባባን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጣችሁ» የሚል ቅሬታ ይነሣል።

አራተኛ፦ ደብዳቤውን መጻፍ

ከአንድ ገጽ ብዙ አይብለጥ። ለሁሉም በአንድ ላይ «እናንተ» እያሉ መጻፍ ጥሩ ነው። ለታላቅ ወንድም በአንቱታ፣ ለታናሽ በአንተ የተለያየ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያንኑ ቃል እንዳገኘ ያውቃል። መልካም ትዝታ አንድ ይበቃል። አምስት ትዝታ ከተደረደረ አንባቢው ሲያለቅስ «እሺ» ይላል፤ እንባው ሲደርቅ ደግሞ ይጸጸታል። ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይነገር። እምቢ ማለትም መንገድ ይኑረው፤ አባት የሌሉበት ፎቶም እንደሚታጠብ መጻፍ ለዚህ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል።

> ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
> ድሬዳዋ
>
> ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣ ለእኅቴ ለእትዬ፣ ለታናሼ ለማሙሽ፤
>
> እንደምን ሰነበታችሁ? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሙቀቱ በረድ ብሎልናል፤ እማዬም ለቁልቢ የምትመጡበትን ቀን ትቆጥራለች።
>
> ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት አንድ ነገር ላስፈቅዳችሁ ነው። ታኅሣሥ 20 ሁላችንም እዚህ ስለምንሆን የቤተሰብ ፎቶ እንነሣለን ብለናል። በዚያ ፎቶ ላይ አባባ ከእኛ ጋር ቆመው እንዲታዩ በፎቶ ቤት እንዲቀናበርልን አስቤአለሁ። እስካሁን ምንም አላዘዝሁም። ከእናንተ አንዳችሁ ካልፈለጋችሁ አላዝም።
>
> አስቀድሜ እማዬን ጠይቄያታለሁ። ቃሏ ይህ ነው፦ «አባታችሁ ኮቱን ለብሶ ከሆነ ይሁን፤ በታመመበት መልኩ ግን አላይም።»
>
> ያሰብሁት በእትዬ ሠርግ የተነሡትን ፎቶ ነው። የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ይበልጥ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አርባ ዓመታቸው ስለሆነ ከእማዬ ጋር አይሄድም፤ ጋሼም ታላቃቸው ትመስላለህ። በሠርጉ ፎቶ ላይ ሙሽራው ሲገባ ቆመው የተቀበሉበትን ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። ሁላችንም የምናስታውሳቸው እንዲያ ይመስለኛል። ፎቶው ትንሽ ስለሆነ ግን የምናሳጥበው ከ30 በ40 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ ፊታቸው ይደበዝዛል። ጋሼ፣ ትልቅ እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።
>
> የሚቆሙት ከእማዬ ኋላ፣ በጋሼና በማሙሽ መካከል ነው። ከደረታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። መልካቸው አይለወጥም፤ ፈገግታ አይጨመርም፤ እጃቸው ማንም ላይ አያርፍም። ከኮታቸው ላይ የሠርጉ አበባ ብቻ ይነሣል። ፎቶው በሚነሣበት ጊዜ የአጎታችን ልጅ ለጥቂት ደቂቃ በቦታቸው ይቆማል፤ ይህ ለባለሙያው ቁመትና ጥላ ለማሳየት ነው፤ እርሱ ፎቶው ላይ አይቀርም።
>
> ፎቶው የሚሰቀለው በእማዬ ሳሎን ነው። ለእያንዳንዳችሁም አንድ አንድ አሳጥባለሁ። አባባ የሌሉበት፣ እንደተነሣን ያለው ፎቶም ይታጠባል፤ እርሱን ለሚመርጥ እርሱን እሰጣለሁ። ወጪው የእኔ ነው፤ እባካችሁ በዚህ አትከራከሩኝ።
>
> እትዬ፣ ዋናው ፎቶ አንቺ ጋ ነው። ስትመጪ በሁለት ካርቶን መካከል አድርገሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢልኝ፤ በፖስታ አትላኪው። ለጊዜው ከፍሬሙ አውጥተሽ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሺና ላኪልኝ።
>
> መልሳችሁን እስከ ኅዳር 30 እጠብቃለሁ። እነዚህን አራት ነገሮች ብቻ ንገሩኝ፦
>
> 1. አባባ ፎቶው ላይ ይጨመሩ ወይስ አይጨመሩ?
> 2. የሠርጉ ፎቶ ይሁን? ሌላ የተሻለ ካላችሁ የትኛው?
> 3. ከእማዬ ኋላ መቆማቸውን ትስማማላችሁ?
> 4. ለእናንተ የሚታጠበው የትኛው ይሁን፤ ያሉበት ወይስ የሌሉበት?
>
> ዝም ካላችሁ እሺ እንዳላችሁ አልቆጥረውም፤ ደውዬ እጠይቃችኋለሁ። አልፈልግም የሚል ካለ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ፤ ምክንያቱን አልጠይቅም፤ ለሌሎቹም ማን እንደሆነ አልናገርም።
>
> እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።
>
> የምትወዳችሁ እኅታችሁ

«መልካቸው አይለወጥም፤ እጃቸው ማንም ላይ አያርፍም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለጌጥ የገባ አይደለም። ሰው «አባትህን እንጨምር» ሲባል የሚፈራው ይህንን ነው። ከሞቱ በኋላ የተወለደ የልጅ ልጅ አቅፈው እንዲታዩ የሚጠይቁ አሉ። ለልጁ እናት ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ለወንድም ግን ያልሆነ ነገር ነው። አባት እዚያ ቆመው ቢሆን ኖሮ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ያላደረጉትን አድርገው ማሳየት ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካላችሁ ከዚህ ደብዳቤ አውጡትና ለብቻው ጠይቁ፤ አንዱ ሁለቱንም ያበላሻል።

ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ፣ ወይም ከልጆቹ አንዱ የሰው ምስል በግድግዳ መስቀልን በሃይማኖቱ የማይቀበል ከሆነ፣ «የሚሰቀለው» የሚለውን መስመር ማስተካከል ይገባል። ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ፎቶው በአልበም ውስጥ እንደሚቀመጥ ጽፎ መስማማት ይቻላል፤ ምስሉን ጭራሽ የማይፈልገው ደግሞ በአራተኛው ጥያቄ የራሱን ምርጫ ያገኛል። እምነቱን በደብዳቤ ለመሞገት መሞከር ግን ምላሹን ራሱ ያስቀራል።

አምስተኛ፦ አላላኩ

ለታላቅየው ወንድም ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ባለው ምሽት ይደወልለታል። ጉዳዩን ለመወሰን ሳይሆን «ነገ አንድ ደብዳቤ እልካለሁ» ለማለት ያህል ነው። ታላቅ የሆነ ሰው ከታናሹ እኩል መስማቱ ብቻ ቅር ሊያሰኘው ይችላል።

ከዚያ ለሦስቱም በአንድ ቀን፣ ለየብቻቸው ይላካል። በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አይለጠፍም። እዚያ የመጀመሪያው «እንዴት ደስ ይላል!» ካለ ቀሪዎቹ ያንኑ ይደግማሉ፤ የከፋው ሰው በሁሉ ፊት አይናገርም።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ነገር ይያያዛል። አንዱ እትዬ የላከችው የሠርጉ ፎቶ ነው፤ ሌላው በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ አቀማመጥ፦ ክብ ክብ ጭንቅላቶች፣ ሥራቸው ስም፣ የአባባ ቦታ በነጠብጣብ። የእትዬ ፎቶ እስኪደርስ መጠበቅ ደብዳቤውን የሚያዘገይ ከሆነ ለእርሷ ቀድሞ ይላክና ለሌሎቹ ፎቶው እንደደረሰ በማግስቱ ይሂድ። ለሙከራ የተቀናበረ ምስል ግን አይላክም። በስልክ ተቻኩሎ የተቆረጠ የአባት ፊት በሌላ ሰው አንገት ላይ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ጥሩ ሥራ የሚጠላው በመጥፎ ናሙናው ነው።

ስድስተኛ፦ መልሶቹን ማንበብ

«ይሁን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እሺ፣ ለእኔ ያሉበት ይታጠብልኝ» የሚል መልስ እሺታ ነው። የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይመልስም።

«እንደ ወደዳችሁ አድርጉ» እሺታ አይደለም። የቅሬታ በር ክፍት ትቶ መውጣት ነው። «እማዬ ካለች እኔ ምን እላለሁ» ማለትም ለእናት ሲል የዋጠው ነገር አለ ማለት ነው። «እስኪ ስመጣ እናየዋለን» ደግሞ ከፎቶው ቀን ጋር ይጋጫል፤ ቦታ ይተው አይተው በዕለቱ በግቢ ውስጥ ሊወሰን ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምላሽ አንድ ነው፤ ደውሎ አራተኛውን ጥያቄ ብቻ መጠየቅ። «ለአንተ የትኛውን ላሳጥብልህ?» ሲባል የልቡን ይናገራል። «የሌሉበትን» ካለ ግልጹን ማወቅ ይቻላል፤ ያን ጊዜ «እንግዲያው ያሉበት ለእማዬ ብቻ ቢታጠብ ትቃወማለህ?» ብሎ መቀጠል ነው።

በምሳሌያችን ጋሼ ጉርድ ፎቶው ይሁን አለ። አያስገርምም፤ እርሱ ልጅ ሳለ አባቱ እንደዚያ ነበሩ። ማሙሽ ደግሞ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ያንን ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው አያውቀውም። እንዲህ ሲሆን አንዱን ለማሸነፍ መሞከር አያዋጣም። የቤተሰቡ ፎቶ በሠርጉ ምስል ይሠራል፤ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ማኅተሙ ተጸድቶ ለብቻው በትንሽ መጠን ታጥቦ ለጋሼ ይሰጠዋል። የጉርድ ፎቶ ፊት ትልቅ ስለሆነ ከሁለት እጥፍ እስካላለፈ ድረስ ማደግ አያስቸግረውም። ለፎቶ ቤቱ ተጨማሪው ሥራ ትንሽ ነው።

አንዱ በግልጽ «አልፈልግም» ካለ እናትን ወይም ሽማግሌን አስልኮ ማስለመን የለም። ሌላ መንገድ አለ፤ እናት የአባትን ፎቶ በፍሬም ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሁሉም ከኋላዋ ይቆማል። ምንም አይቀናበርም፤ አባትም ፎቶው ላይ አሉ። ይህንን እምቢ የሚል ወንድም እስካሁን አልገጠመኝም። አስቀድሞ ግን ደብዳቤው ላይ አይጻፍ፤ አማራጭ ሆኖ ከቀረበ ሁሉም ሳያስብ ወደዚያ ይሮጣል።

ሰባተኛ፦ ከእሺታው በኋላ

ለአራቱ ጥያቄዎች የመጡት መልሶች በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከዋናው ፎቶ ጋር ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳሉ። ዋናው ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን ይደረግ በሉ፤ ከዚያ በላይ ቢሆን የሚጎላው የወረቀቱ ቅንጣት ነው። ስካኑን በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይታመቃል፣ ይቀንሳል።

ከመታጠቡ በፊት ናሙና ጠይቁና ሦስት ነገር እዩ። የአባት ጭንቅላት ከጎናቸው ካሉት ወንዶች ጭንቅላት ጋር እኩል ይሁን፤ ከኋላ ስለቆሙ ጥቂት ቢያንስ እንጂ ሊበልጥ አይገባም። የአንገታቸው ቀለም ከፊታቸው ጋር ይስማማ። የትከሻቸው ጠርዝ እንደ ምላጭ የተቆረጠ ከሆነ አልተጨረሰም፤ አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ጠርዝ ለስለስ ያለ ነውና የእርሳቸውም እንዲሁ መሆን አለበት። ናሙናውን በመጀመሪያ እናት ታየዋለች፤ ከዚያ ለሌሎቹ ይላካል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ማስተካከያ ብቻ ነው፤ ይጨመሩ አይጨመሩ የሚለው ንግግር አልቋል።

ሲታጠብ በጀርባው በእርሳስ እንዲህ ይጻፍ፦ «ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ድሬዳዋ። አባታችን በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ምስላቸው ከ1996 ዓ.ም. ፎቶ ተወስዶ በሁላችን ፈቃድ የተጨመረ ነው።» ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆች አያታቸው በ2017 በሕይወት ነበሩ ብለው እንዳይከራከሩ ነው። በስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። ያልተቀናበረው ፎቶ ፋይልና ስካኑ በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ ዋናው የሠርግ ፎቶ እትዬ ወደ ጅቡቲ ከመመለሷ በፊት ከፎቶ ቤት ወጥቶ በእጇ ይግባ።